የሌሊት ተረኛ ነርስ የርክክብ መልእክት በአራት ደረጃ

አቅራቢ፦ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሌሊቷ ነርስ ስታስረክብ «አልጋ 6 ደህና አድሯል፤ ሽንቱ ብቻ ቀነስ ብሏል» ብትል፣ ተረካቢው ምን ያህል እንደቀነሰም ሆነ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። ስለዚህ መልእክቱ አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይይዛል።

አንደኛ፣ አሁን ያለው ሁኔታ። «አልጋ 6፣ ባለፉት 4 ሰዓታት የሸናው 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የልብ ምቱ 112፣ የደም ግፊቱ 100 በ60 ነው።»

ሁለተኛ፣ የኋላ ታሪክ። «ክብደቱ 60 ኪሎ ነው። ትናንት ከሰዓት አንጀቱን ኦፕራሲዮን ተደርጓል፤ የሽንት ካቴተር አለው።» እዚህ ላይ የሚነገረው ከዛሬው ችግር ጋር የተያያዘው ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ግምገማ። «በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሽናት ነበረበት፤ የሸናው ግማሹን ነው። ካቴተሩን አይቼዋለሁ፤ አልተጠማዘዘም፣ አልተዘጋም። ፈሳሽ አንሶት ወይም ውስጥ ውስጡን እየደማ እንዳይሆን እሰጋለሁ።» ነርሷ የችግሩን ምንጭ ለይታ ባታውቅም ስጋቷን መናገር አለባት።

አራተኛ፣ ቀጥሎ መደረግ ያለበት። «1 ሰዓት ላይ ለተረኛ ሐኪሙ ነግሬው ፈሳሽ አዟል፤ እየገባለት ነው። 3 ሰዓት ላይ ሽንቱን ለካ። የዚያ ሰዓት ሽንት ከ30 ካነሰ ወይም የላይኛው ግፊት ከ90 ከወረደ ወዲያው ደውልለት።»

ተረካቢው ሰዓቱንና ቁጥሮቹን መልሶ ይናገር። ይህ ሳይሆን ርክክቡ አላለቀም።