መሶብ ወደ ውጭ ሲላክ

ቤቷ መሶብ እየሰፋች በድረ ገጽ የምትሸጥ ባለሙያ አለች እንበል። ዋሽንግተን ያለች ደንበኛ አንድ መሶብ አዘዘቻት። መሶቡ ሁለት ኪሎ ነው። ፈጣን መልእክት ድርጅቱ ግን የ16 ኪሎ ሂሳብ ጠየቃት።

ማጭበርበር አይደለም። የካርቶኑ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ይካፈላል፤ 40 በ40 በ50 የሆነ ካርቶን 16 ኪሎ ይሆናል። ከዚህና ከሚዛኑ የሚበልጠው ይከፈልበታል። መሶብ ደግሞ ቀላል ቢሆንም ቦታ ይይዛል።

ቀጥሎ ጉምሩክ አለ። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣን ዕቃ ያለ ቀረጥ የምታስገባበትን አሠራር ከነሐሴ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አቁማለች። ይህ ያልተነገራት ገዢ በሯ ላይ ቀረጥ ስትጠየቅ ዕቃውን አልረከብም ልትል ትችላለች፤ የመመለሻው ወጪም ሻጯ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ገዢዋ ገንዘብ ከመክፈሏ በፊት ድረ ገጹ ላይ ማንበብ አለባት።

በጉምሩክ መግለጫ ቅጹ ላይ «የእጅ ሥራ» ማለት አይበቃም። «ከደረቀ ሣር በእጅ የተሰፋ መሶብ፣ ለሽያጭ» ተብሎ ከነእውነተኛ ዋጋው ይሞላል። የተሸጠን ዕቃ «ስጦታ» ማለት የሐሰት መግለጫ ነው።

የብር ምንዛሬ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን፣ ዋጋውን በዶላር መጻፍና የገዢዋ ባንክ የራሱን ኮሚሽን ሊጨምር እንደሚችል ማስታወቅ ይሻላል።

ሻጮች ሆይ፣ የታሸገውን ካርቶን ሳትለኩ የመላኪያ ዋጋ አትለጥፉ።