ቢሮ ወይስ እንሰት?



በወላይታ ዞን የሚሠራ አንድ ወጣት የሰብል ጥበቃ ባለሙያ እናስብ። የእንሰት አጠውልግ በሽታን ጠልቆ ማጥናት ጀምሯል፤ አሁን ደግሞ ጽሕፈት ቤት እንዲመራ ተጠይቋል። መጪዎቹን 10 ዓመታት በየትኛው ያሳልፍ?

እንሰት ቸኩሎ አይደርስም፤ ለመፋቅ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ የሚፈልግ ሰው ችግኞቹን ሆን ብሎ በሽታውን በሚያመጣው ባክቴሪያ ይበክላል፤ የትኛው እንደጠወለገ፣ የትኛው እንዳገገመ ይመዘግባል፤ ከዚያም ምርቱን ይጠብቃል። በመሐል ቢሮ ከገባ መዝገቡን ለተተኪው ያስረክባል፤ በሽተኛውን ተክል ገና ከቅጠሉ የሚለየው ዓይኑ ግን አብሮት ይሄዳል።

በሌላ በኩል አጠውልግን የሚያድን መድኃኒት የለም። የሚገታው የታመመውን ነቅሎ በመቅበርና የተነካካውን ቢላዋ በእሳት ወይም በበረኪና በማጽዳት ነው። አንዱ ገበሬ ቢጠነቀቅና ጎረቤቱ ቢተወው በሽታው ተመልሶ ይመጣል። መንደሩን በአንድ ጊዜ ማስተባበር ደግሞ የአመራር ሥራ ነው።

ስለዚህ አንድ እንሰት ከተከላ እስከ ፍቂያ እስኪደርስ በሙያው ይቆይ እላለሁ። እግረ መንገዱን በየዓመቱ የአንድ ቀበሌ ዘመቻ ያስተባብር። ሰዎችን ማስተባበሩ ከተሳካለትና ከወደደው፣ ሙያውን የሚረከበው ሰው አሠልጥኖ ወደ ኃላፊነቱ ይሂድ። ተተኪ ሳያዘጋጅ ግን ማሳውን አይልቀቅ።