ለስንብት ካርዱ ምን ብለን ጻፍን?

እኅቶች፣ ሒሳብ ያዣችን ሲሰናበቱ ካርዱ ላይ መጀመሪያ «መልካም ዕድል እንመኛለን» ብለን ነበር። ለማንም የሚሆን ቃል ነው። ደግሞም ወጣቶቹ አንቱ ይሏቸዋል፤ እኩዮቻቸው ግን አንቺ ነው የሚሏቸው። በአንድ ቃል ሁላችንም መናገር አልቻልንም።

ስለዚህ የጋራውን ቃል ሁላችንም ባየነው ነገር ላይ አሳጠርነው፦ «እትዬ፣ የቁጠባ ደብተራችንን ሳንቲም ሳይጎድል ስለያዙልን እናመሰግናለን።» ከሥሩ ሰፊ ቦታ ተውን፤ እያንዳንዷም በራሷ አጠራር አንድ መስመር ጻፈች። በቅርቡ የተቀጠረችው ብዙ አላየችምና ስሟን ብቻ ፈረመች፤ ይበቃል አልናት።

አንዷ እኩያቸው «ልጄ ታሞ መዋጮ ሲያልፈኝ ለማንም አልነገርሽብኝም» ብላ ጻፈች። ይህን በጋራው ቃል ውስጥ እኛ አስገብተነው ቢሆን ኖሮ ምሥጢሯን ባወጣንባት ነበር።