አውራው ልጆቹን እንዳያጠቃ

መንዝ ውስጥ 10 እናት በጎች ያሏቸው አርቢ አንድ አውራ በግ አስገቡ እንበል። እናቶቹ ከ5 ወር በኋላ ይወልዳሉ፤ ሴት ግልገሎቹ ደግሞ በ7 እና በ8 ወራቸው ሊያረግዙ ይችላሉ። ስለዚህ አውራው በገባ በዓመቱ ገደማ የገዛ ልጆቹን ማጥቃት ይጀምራል። ከዚህ የሚወለዱት ግልገሎች ክብደታቸው የማነስ፣ በለጋነታቸውም የመሞት ዕድላቸው ይጨምራል።

መፍትሔው ሴቶቹ ሳይደርሱ አውራውን ከሌላ መንጋ አውራ ጋር መለዋወጥ ነው። ጎረቤትዎም በዚያው አውራ ሲያስጠቁ ከቆዩ ግን ራቅ ካለ መንደር ያምጡ።

አዲሱን ሲመርጡ ቆለጦቹን ይዳስሱ፤ እኩል፣ ጠንከር ያሉና እብጠት የሌላቸው ይሁኑ። ወንድ ግልገሎችንም 4 ወር ሳይሞላቸው ከእናትና እኅቶቻቸው ይለዩ። ፈጥኖ ያደገውን ለገበያ ሸጠው፣ የቀጨጨውን ለዘር አያስቀሩ።