የውትድርናን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው?



አንድ መንግሥት ጦር የሚያቆመው በሦስት መንገድ ነው፤ ወጣቱን በግዴታ ይመለምላል፤ በፈቃዱ የሚገባውን በደመወዝ ይቀጥራል፤ ወይም ዜጋውን አሠልጥኖ ወደ ሥራው ይመልስና በክፉ ቀን ይጠራዋል። ሦስቱም ዋጋ አላቸው። ልዩነታቸው ዕዳው በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ነው።

የግዴታ ውትድርና በበጀት መዝገብ ላይ ርካሽ ይመስላል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ወጣት በሥራው በወር 10,000 ብር ያገኛል እንበል። መንግሥት በግዴታ ወስዶ 2,000 ብር ቢሰጠው፤ የቀረውን 8,000 ብር የከፈለው ወጣቱ ራሱ ነው። ይህ በመዝገብ ያልተጻፈ ግብር ነው። በአሜሪካ በቶማስ ጌትስ ይመራ የነበረው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1970 ምልመላው እንዲቀር ሲመክር ይህንኑ ክርክር አቅርቦ ነበር፤ ምልመላውም በ1973 ቆመ።

ይህን ስውር ግብር እኛም እናውቀዋለን። ደርግ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ሰው ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር። በወረቀት ላይ ሥርዓት ያለው ነው። ጦርነቱ ሰው ሲፈጅ ግን ኮታ ለቀበሌና ለገበሬ ማኅበር ወረደ፤ ኮታውን ለመሙላትም አፈሳ መጣ። ዘመድ ያለው ተረፈ፤ የሌለው ሄደ። የአራሹ ልጅ ሲወሰድ ጦም ያደረው መሬት ከጦሩ ወጪ ጋር አልተደመረም። ሕጉ መሞቱ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ማን እንደሚሄድ የሚወስነው የስም ዝርዝር መሆኑ ቀርቶ በገበያ የተገኘ ሰው ሲያዝ።

በደመወዝ የሚቆም ጦር ዕዳውን ወደ ግልጥ ያወጣዋል። ወታደሩ ረጅም ጊዜ ስለሚቈይ ሙያውን ያውቃል፤ ነገር ግን ደመወዙ ከገበያው ጋር መወዳደር አለበት፤ ጡረታና ሕክምናም ይከተላሉ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2010 ግዴታውን አቁማ በፈቃደኞች ብቻ ለመሥራት ሞከረች። የሚፈለገው ቍጥር አልሞላ ስላለና የአካባቢው ጸጥታ ስለ ተበላሸ፣ በ2017 ግዴታውን እንደገና ለመጀመር ወሰነች፤ በዚህ ጊዜ ለሴቶችም ጭምር።

ፊንላንድ ደግሞ በተጠባባቂ ጦር ትታመናለች። ወንዶቹን እንደ ሥራቸው ዐይነት ለ165፣ ለ255 ወይም ለ347 ቀን አሠልጥና ወደ ቤታቸው ትመልሳለች። በሰላም ጊዜ ጥቂት ሰው ይዛ በጦርነት ጊዜ 280,000 ለማሰለፍ ታቅዳለች። ይሁን እንጂ ተጠባባቂ ያለ ግዴታ ሥልጠና አልተገኘም፤ በየጊዜው ተጠርቶ ካልታደሰ ትምህርቱን ይረሳል፤ በተጠራ ቍጥርም አሠሪው ሠራተኛ ያጣል።

እንግዲህ መንግሥት ርካሽ ጦር አለኝ ሲለን ሁለት ነገር እንጠይቀው፤ በመዝገቡ ያልተጻፈውን ማን ከፈለ? የባለሥልጣኑስ ልጅ ከዝርዝሩ ውስጥ አለ?