የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የራስን መኪና ለምን አያሠራም?

(በመሐል ሜዳ የሰፈር ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ለባለ ንብረቶችና ለሾፌሮች የተሰጠ ማብራሪያ። ስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት አንድ በየጊዜው የሚያጨቃጭቅ ጉዳይን በሚመለከት ነው። ሰው መኪናው ይጋጭበታል ወይም ይገለበጥበታል። «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ወረቀቱን ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ «ይህ ውል ያንተን መኪና አይመለከትም» ይባላል። ከዚያ በኋላ «ገንዘቤን በሉት» እያለ ይመለሳል። እውነቱን ለመናገር ግን በአብዛኛው የተበላ ገንዘብ የለም። ሰውየው የገዛው ነገርና ገዛሁ ብሎ ያሰበው ነገር የተለያዩ ናቸው። ልዩነቱን ዛሬ አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ፣ መስታወት ላይ የምንለጥፈው ወረቀት ከየት መጣ? በአገራችን ማንኛውም ባለ መኪና የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ የሚያስገድደው ሕግ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ወጣ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ከዚያ በፊት መድን መግባት በባለ ንብረቱ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነበር። መንግሥት ይህን ያስገደደው ለባለ መኪናው አዝኖ አይደለም። ያዘነው በመንገድ ዳር ለሚሄደው እግረኛ፣ ለተገጨው ሰውና ንብረቱ ለፈረሰበት ሰው ነው። ገጪው ድሃ ቢሆን እንኳ ተጎጂው ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው ነገሩ።

እንግዲህ «ሦስተኛ ወገን» ማለት ማን ነው? በውሉ አንደኛው ወገን መድን የገባው ባለ ንብረት ነው፤ ሁለተኛው ወገን የመድን ድርጅቱ ነው። ከሁለቱ ውጭ ሆኖ በዚያ መኪና ጉዳት የደረሰበት ሰው ሦስተኛው ነው። ድርጅቱ የሚገባው ቃል፣ «አንተ ለሌላ ሰው በሕግ የምትከፍለው ዕዳ ቢመጣብህ እኔ እስከ ተወሰነው መጠን እከፍልልሃለሁ» የሚል ነው። ልብ በሉ፣ የሚከፈለው የእናንተ ዕዳ ነው። ሰው ደግሞ የራሱ ባለ ዕዳ ሊሆን አይችልም። የራሳችሁን አይሱዙ ብትገለብጡ ለማን ነው ካሣ የምትከፍሉት? ለራሳችሁ? ዕዳ ከሌለ ድርጅቱ የሚከፍልላችሁ ነገር የለም። መኪናውን ወደ ኋላ ስታወጡ የራሳችሁን የግቢ በር ብትሰብሩም እንደዚያው ነው። የጎረቤትን በር ብትሰብሩ ግን ድርጅቱ ይጠየቃል።

ሁለተኛው ምክንያት በዐረቦኑ ውስጥ ይታያል። የሦስተኛ ወገን መድን ስትገቡ የጠየቋችሁን አስታውሱ። የመኪናው ዓይነት ምንድን ነው? የጭነት ነው የሕዝብ? ስንት ሰው ወይም ስንት ኩንታል ይጭናል? በቃ ይኸው ነው። «መኪናህ ስንት ብር ያወጣል?» ብሎ የጠየቃችሁ አለ? ወጥቶ ጎማውን፣ ጋቢናውን፣ ቀለሙን ያየ አለ? የለም። ስለዚህ አዲስ አይሱዙ ያለውና ሃያ ዓመት የሠራ አሮጌ አይሱዙ ያለው፣ የሥራቸው ዓይነት አንድ ከሆነ፣ እኩል ይከፍላሉ። የመኪናው ዋጋ ሒሳቡ ውስጥ አልገባማ! ዋጋው ላልተመዘገበ፣ ዐረቦንም ላልተከፈለበት ንብረት ካሣ ሊከፈል አይችልም። የራስን መኪና ጉዳት የሚሸፍነው ሙሉ ኢንሹራንስ የምንለው ግን የሚሰላው ከመኪናው ዋጋ ተነሥቶ ነው፤ ስለዚህም ነው ብዙ እጥፍ የሚወደደው።

በዚሁ ወረቀታችሁን መለየት ትችላላችሁ። ውሉን አውጥታችሁ የመኪናው ዋጋ ተብሎ የተጻፈ የብር መጠን መኖሩን እዩ። ከሌለ፣ የራሳችሁ መኪና አልተሸፈነም። መስታወቱ ላይ ያለው ምልክት ብቻውን የሚያሳየው ሕጉ ያስገደደውን መፈጸማችሁን ነው።

አሁን ወደ ምሳሌ እንሂድ። ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል የተወሰደ ነው። አንድ የሰፈራችን ሰው በአይሱዙ በግ ጭኖ ከመሐል ሜዳ በሞላሌ አድርጎ ወደ ጣርማ በር ይወጣል እንበል። ሰዓቱ ማለዳ ነው፤ ጉሙ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አሥር ሜትር አያሳይም።

በመጀመሪያው ሁኔታ መኪናው መንገድ ስቶ ቦይ ውስጥ ይገባል። ሌላ ማንም አልተነካም። ጋቢናው ተጨፍልቋል፣ ራዲያተሩ ተበስቷል፣ ጋራዡ 180,000 ብር ጠየቀ። የሦስተኛ ወገን መድኑ ምን ይከፍላል? ለመኪናው ምንም። የሞቱት በጎችም የራሱ ከሆኑ እንደዚያው ነው። የሌላ ነጋዴ ከሆኑም፣ በመኪናው ላይ የተጫነ ጭነት ብዙውን ጊዜ በዚህ ዓይነት ውል ስለማይካተት አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

በሁለተኛው ሁኔታ አይሱዙው ጠርዝ ይዞ የቆመ ሚኒባስን ከኋላ ይገጫል። ጥፋቱ የአይሱዙው መሆኑን ትራፊክ ፖሊስ አረጋገጠ። የሚኒባሱ ማሠሪያ 120,000 ብር ነው። ይህ የሦስተኛ ወገን ጉዳት ስለሆነ መድኑ ይከፍላል፤ ነገር ግን እስከ ጣሪያው ድረስ ነው። አዋጁ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር። መጠኑ ሊሻሻል ስለሚችል፣ በወቅቱ የሚሠራበትን ውሉን ከምትፈርሙበት ቢሮ ጠይቁ። ጣሪያው 100,000 ብር ነው ብለን ብናስብ፣ የቀረው 20,000 ብር ከባለ አይሱዙው ኪስ ይወጣል። የራሱን 180,000 ጨምሩበት፤ መድን ገብቶ 200,000 ብር ወጣበት ማለት ነው።

በሦስተኛው ሁኔታ ነገሩ ይገለበጣል። አይሱዙው በመስመሩ ሲሄድ ሚኒባሱ ያለ አግባብ ሊያልፍ ሲል ገጨው። አሁን ባለ አይሱዙው ሦስተኛ ወገን ይሆናል። ካሣውን የሚጠይቀው ግን የሚኒባሱን መድን ድርጅት ነው። የራሱ ድርጅት በዚህ ውል ለመኪናው አይከፍልም። «የሦስተኛ ወገን መድን መኪናዬን አሠራልኝ» የሚል ሰው ከሰማችሁ፣ ያሠራለት የሌላው ሰው መድን ነው። ርዕሱ ላይ «አያሠራም» ያልነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው ሁኔታ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ጉም ነበር፣ ምስክር የለም፣ ሁለቱም «እሱ ነው የመጣብኝ» ይላሉ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካልተረጋገጠ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2084 መልስ አለው። ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ ባለ ንብረት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይሸከማል። አደጋው በዋናነት የአንደኛው ሾፌር ጥፋት መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ይህ ደንብ አይሠራም።

እናስላው። የአይሱዙው ጉዳት 180,000፣ የሚኒባሱ 120,000፤ ድምሩ 300,000 ብር ነው። ግማሹ 150,000 ይሆናል። ባለ አይሱዙው የደረሰበት 180,000 ስለሆነ ከግማሹ የሚበልጠውን 30,000 ብር ብቻ ከሚኒባሱ ወገን ያገኛል። 150,000ው በራሱ ላይ ይቀራል። እንግዲህ ጥፋተኛ ነህ ሳይባልም የመኪናውን ጉዳት አብዛኛውን ራሱ ቻለ ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ በሦስተኛ ወገን መድን ብቻ የሚሄድ ሰው መኪናውን የሚያሠራለት አንድ ነገር ቢኖር የሌላው ሰው ጥፋት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ግጭት ሲደርስ፣ የሰው ሕይወት ለማዳን ካልሆነ በቀር፣ ትራፊክ ሳይመጣ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። በስልካችሁ የፍሬኑን ምልክት፣ የመንገዱን ጠርዝና የሁለቱን መኪናዎች አቋቋም አንሡ። የዚያኛውን ሰሌዳ ቁጥርና የመድን ድርጅቱን ስም ከመስታወቱ ላይ ጻፉ። የትራፊኩን ሪፖርት ሳትይዙ አትበተኑ።

ሌላው የሽምግልና ነገር ነው። እኛ አገር ሰው ሲጋጭ ሽማግሌ ተቀምጦ «አንተም ተው፣ አንተም ተው» ማለት የቆየ ወጋችን ነው፤ ለሰላም ደግሞ ጥሩ ነው። ነገር ግን የመድን ውሎች በአብዛኛው «ድርጅቱ ሳያውቅ ጥፋትን ማመንም ሆነ መታረቅ ድርጅቱን አያስገድደውም» ይላሉ። ሽማግሌ ፊት «እከፍላለሁ» ብላችሁ ከፈረማችሁ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። «ይቅር ብዬዋለሁ» ብላችሁ ከፈረማችሁም ከሌላው ድርጅት ካሣ መጠየቁ ይከብዳችኋል። መጀመሪያ ለድርጅቱ በጽሑፍ አስታውቁ፤ ዕርቁ ይደርሳል።

በመጨረሻ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ ማን ይግባ? ሁሉም ይግባ አልልም፤ ውድ ነው። አንድ ነገር ግን አስተውሉ። መኪና በባንክ ብድር የሚገዛ ሰው ባንኩ ሙሉ ኢንሹራንስ እንዲገባ ያስገድደዋል፤ ባንኩ ለራሱ ገንዘብ ነው የሚፈራው። ዕዳው ባለቀ ማግሥት ብዙ ሰው «ተገላገልኩ» ብሎ ወደ ሦስተኛ ወገን ብቻ ይወርዳል። እስከ ትናንት ለባንኩ ሲጠበቅ የነበረው ንብረት፣ ሙሉ በሙሉ የቤተሰቡ በሆነ ጊዜ ጠባቂ አጣ። ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ መኪና ነገ ወደ ጀማ ሸለቆ ቢገባ፣ ያለ ብድር ሌላ መግዛት እችላለሁ? የምትችሉ ከሆነ ሦስተኛ ወገኑ ሊበቃችሁ ይችላል። የማትችሉ ከሆነና የአንድ ቤት እንጀራ ያለው እሱ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሙሉውን አስቡበት። «እሳትና ስርቆት» ተጨምሮበት የሚሸጥ መካከለኛ ውልም አለ፤ እሱ ግን ስሙ እንደሚለው ነው፣ ለግጭትና ለመገልበጥ አይከፍልም።

ሙሉውን የምትገቡም የመኪናውን ዋጋ አታሳንሱ። አንድ ሚሊዮን ብር የሚያወጣውን በ600,000 ካስመዘገባችሁ፣ 100,000 ብር ጉዳት ሲደርስ ድርጅቱ የሚያስበው በስድስት አሥረኛ ነው። 60,000 ይከፍላል፤ ከዚያም ላይ በውሉ ያለው የራስ ተቀናሽ ይነሣል።

ከስብሰባው በኋላ ውላችሁን ይዛችሁ ብትመጡ የመኪናው ዋጋ የሚጻፍበትን ቦታ አብረን እናየዋለን።