ከ«ቅር አለኝ» እስከ «በገንኩ»



ለመጽሔታችን የምትልኳቸውን ጽሑፎች ሳነብ አንድ ቃል እየደጋገመ ይገጥመኛል፤ «ተናደድኩ»። የዕቁብ ጓደኛችን አንድ ቀን ስትዘገይም ተናደድኩ፣ ባል ደመወዙን ጠጥቶ ሲገባም ተናደድኩ። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ እኩል ያልሆኑ ነገሮች በአንድ ዋጋ ሲመዘገቡ ዓይኔ አይቀበልም።

ከታች «ቅር አለኝ» አለ። ቅር የምንሰኘው ብዙ ጊዜ በቅርባችን፣ የተሻለ በጠበቅንበት ሰው ነው፤ ጠብ ገና የለም። ከዚያ ከፍ ሲል «ተበሳጨሁ» ይመጣል፤ ትንሽ ነገር ሲደጋገምብን። ቀጥሎ «ተናደድኩ» ነው። ቃሉ ከ«ነደደ» ጋር አንድ ሥር ስላለው እሳቱ ተያይዟል ማለት ነው። ከእሱ በላይ «ደሜ ፈላ»ን አስቀምጣለሁ። ከሁሉ በላይ «በገንኩ» ነው፤ ይህ ውስጥ ውስጡን የሚያቃጥል፣ መውጫ ያጣ ንዴት ነው። ብስጭትን ከንዴት በላይ የምታስቀምጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በየቤቱ ይለያያል፣ አንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አይለዋወጥ።

በዚህ መሰላል ላይ የማይወጡ ቃላትም አሉ። «ቱግ አለች» የሚለው ፍጥነቷን እንጂ መጠኑን አይነግረንም። «ተቆጣች» በድምፅና በፊት የሚታይ ነው፤ እናት ብዙም ሳትናደድ ልጇን ልትቆጣ ትችላለች። «አኮረፈች» ደግሞ ዝምታዋን ነው የሚነግረን።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አንዲት እህት ስለ አከራይዋ ጻፈች እንበል። መጀመሪያ ሴትዮዋ ሳታማክራት ኪራይ ጨመረች፤ ቀጥሎ ለልጆቿ ልብስ ማጠቢያ የሚሆነውን ውሃ ዘጋችባት፤ በመጨረሻ እሷ ሥራ ላይ እያለች ዕቃዋን ደጅ አወጣችው። ጸሐፊዋ በኪራዩ ጊዜ «በገንኩ» ካለች፣ ዕቃው ደጅ ሲወጣ የሚቀራት ቃል የለም። ያኔ «በጣም፣ እጅግ በጣም» እያለች ትደራርባለች፤ አንባቢም እያጋነነች ነው ብሎ ዋናውን በደል ይጠራጠራል። ቃል ማለቁን የማውቀው በዚህ «በጣም» ነው።

ቃሉ ልክ መሆኑን ለማየት ቀጥሎ ምን እንዳደረገች አንብቡ። «ደሜ ፈላ» ብላ ወዲያው ቡና አፍልታ ከጎረቤት ጋር ከተጫወተች አንዱ ልክ አይደለም። እኔ ብሆን እንዲህ አስተካክለው ነበር፦

«ኪራዩን ስትጨምር ቅር አለኝ፤ ግን ከፈልኩ። ውሃውን ስትዘጋ ተናደድኩና ሄጄ አንኳኳሁባት። ማታ ስመለስ ፍራሻችን ዝናብ ላይ ነበር። ልጆቹ እያዩኝ ስለነበር አልጮህኩም። ስበግን አደርኩ።»